ከዓረብ አገር ተመልሰሽ ልጅሽን ከአያቷ ቤት ስትወስጂ

ይህን የምጽፈው ከአሰላ፣ ከሳጉሬ፣ ከበቆጂ፣ ከኢተያ ወይም ከአርሲ ሮቤ ወጥተሽ በሳዑዲ፣ በኩዌት፣ በቤይሩት ወይም በዱባይ በሰው ቤት ስትሠሪ ለቆየሽው፣ ልጅሽንም ለእናትሽ ትተሽ ለሄድሽው ነው። አባቶችም ይሄዳሉ። ከአርሲ ደጋ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የሚሄዱት ግን በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ ንግግሬን ወደ አንቺ አድርጌአለሁ። ስለ እናትሽ የተጻፈውን ክፍል እሳቸው የማያነቡ ከሆነ አንብቢላቸው።

ውሉ በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት ነው። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ግን የወንድምሽ ትምህርት አልተጨረሰም፤ ቤቱ ቆርቆሮ አልለበሰም፤ ስለዚህ ይታደሳል። በብዙ ቤት የሚታየውን ነገር አንድ ላይ ላድርገውና በዚያው ምሳሌ እንሂድ። ልጅሽን በ3 ዓመቷ ሳጉሬ አካባቢ እናትሽ ቤት ተውሻት፤ ሦስት ውል ሠርተሽ ጥር ላይ ስትመለሺ 9 ዓመት ሞልቷታል። አሰላ ቤት ተከራይተሽ ትንሽ ሱቅ ልትከፍቺ፣ ልጅሽንም ይዘሽ ልትኖሪ አስበሻል። አንቺ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሽው ይህን ቀን ነው። ለእሷ ግን ቀኑ ከምታውቀው ቤት የምትወጣበት ቀን ነው።

ይህን ከልብሽ ካልተቀበልሽው የሚከተለው ሁሉ አይሠራም። ልጅሽ እናት አላጣችም። ሌሊት ስታለቅስ የሚያነሷት፣ ትኩሳት ሲይዛት ጤና ጣቢያ አዝለው የወሰዷት፣ «እማዬ» ብላ የምትጠራቸው ሰው አሉ። አንቺ ደግሞ በስልክ የምትታዪ፣ ልብስ የምትልኪ፣ ሁሉም ስለ አንቺ በጉጉት የሚያወራልሽ ሰው ነሽ። ሊሆን የሚገባው አንዷን እናት በሌላዋ መተካት አይደለም። አንቺ እናትሽ ሳይወጡ በእሳቸው በኩል ገብተሽ ሁለተኛዋ፣ ቀስ በቀስም ዋነኛዋ ሰው መሆን ነው። ሥራው ወራት ይፈጃል።

ገና እዚያ ሳለሽ

ዝግጅቱ የሚጀመረው በስልክ ነው። በኢሞ የሚደረገው የተለመደ ወሬ «ታውቂኛለሽ? ትወጂኛለሽ? ምን ልላክልሽ?» ነው። ልጅ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የላትም። አያቷ ከጎን «እወድሻለሁ በያት» ይሏታል፣ እሷም ትላለች፣ ስልኩ ይዘጋል። በዚህ ፈንታ የእሷን ቀን ጠይቂ። የመምህሯ ስም ማን ነው? ከማን ጋር ትቀመጣለች? ላሟ ወለደች ወይ? ጥጃው ምን ዓይነት ነው? የነገረችሽን በማግስቱ አትርሺ፤ በሚቀጥለው ጥሪ ስለ ጥጃው አንቺ አንሺ። ትናንት ያለችው ዛሬ ካንቺ ዘንድ እንደሚገኝ ስታይ ነው ሰው መሆንሽን የምታምነው። አሠሪዎችሽ ሲፈቅዱ ብቻ የምትደውዪ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ የማይቋረጥ ሰዓት ያዢ። አልፎ አልፎ ከሚደረግ ረጅም ጥሪ ይህ ይሻላል።

የምትመጪበትን ቀን አስቀድመሽ አትንገሪያት። ሳዑዲ ያለሽ ከሆነ አሠሪው የመውጫ ቪዛ ካላስወጣልሽ መውጣት እንደማትችዪ ታውቂያለሽ፤ «ለፋሲካ» የተባለው ወደ መስቀል ይገፋል። አዋቂ ይህን ይረዳል። ልጅ የምትረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ትመጣለች የተባለችው አልመጣችም። ይህ ሁለት ጊዜ ከተደገመ በሦስተኛው ስትመጪ በሩ ላይ ቆማ የምታይሽ በጥርጣሬ ነው። ቲኬትሽ በእጅሽ ሲገባ ንገሪያት።

ከልጅቷ በፊት ግን ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ይህ ንግግር ብዙ ቤት ውስጥ ጭራሽ አይደረግም። እናትሽ ሁለት ነገር ይፈራሉ፣ ሁለቱንም አያወጡትም። አንዱ ልጅቷ መሄዷ ነው። ሌላው፣ ገንዘቡ የሚላከው በልጅቷ ስም ስለነበረ እሷ ስትሄድ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል የሚል ነው። ያልተነገረ ፍርሃት በልጅቷ በኩል ይወጣል፤ «ልትወስድሽ ነው የመጣችው» የምትል አንዲት ቃል ካንቺ በፊት ቤት ትደርሳለች። ስለዚህ ሳትመጪ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ለስንት ወር እዚያው ቤት እንደምትቆዪ፣ ልጅቷ መቼ ወደ አሰላ እንደምትሄድ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ምን ያህል ብር እንደምትሰጫቸው። የምትችዪውን ትንሽ ቁጥር ንገሪያቸውና አትዝለዪ።

የመጀመሪያው ቀን

ልጅቷን ቦሌ ይዘው እንዳይመጡ አስቀድመሽ ንገሪ። በሚኒባስ ረጅም መንገድ ተጉዛ፣ ከሚጮህና ከሚያለቅስ ዘመድ መሀል ተገፍታ «እናትሽ ናት፣ ሳሚያት!» ስትባል የሚመጣው ድንጋጤ ነው። የራሷ ቤት፣ የራሷ ደጅ ላይ ብትሆን ይሻላል።

ስትገቢ መጀመሪያ እናትሽን ሳሚ። ልጅቷ እያየች ነው፤ የምትወዳቸውን ሰው እንዴት እንደያዝሽ ታያለች፤ ካንቺ የምትማረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ከዚያ ስሟን ጠርተሽ ሰላም በያት፣ ተቀመጪና ተያት። ከአያቷ ነጠላ ኋላ ብትደበቅ አትጎትቻት። ሰው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው፣ እናትሽን አትስሚም?» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ «ተዉአት፣ ጊዜ አለን» ብለሽ የምታስቆሚው አንቺ ነሽ። ጎረቤቱን የምትጠሪበትን ቡና ለሌላ ቀን አቆዪው።

ሻንጣውን ሁሉ በአንድ ምሽት አትክፈቺ። ስድስት ዓመት ሙሉ የላክሽው ልብስ ሁሌም ወይ ሰፊ ወይ ጠባብ የነበረው በልብሽ ያለችው ልጅ የ3 ዓመቷ ስለሆነች ነው። ከመምጣትሽ በፊት እናትሽ እግሯን በወረቀት ላይ አስቁመው በእስክርቢቶ ይዙሩና ፎቶውን ይላኩልሽ፤ ቁመቷንም በክር ይለኩ። አንድ ልክ የሆነ ጫማ ከሙሉ ሻንጣ ይበልጣል። እስከዛሬ የማታውቃት ሰው ልኳን ታውቃለች ማለት ነውና።

ማታ ልጅቷ ከአያቷ ጋር ትተኛ። አንቺም እዚያው ቤት ፍራሽሽን አንጥፊ። ብዙ እናቶች በመጀመሪያው ሌሊት አቅፈዋት ለመተኛት ይቸኩላሉ፣ ናፍቆቱም እውነት ነው። ለልጅቷ ግን ከሁሉ የመጨረሻው የሚለቀቀው የሌሊቱ ቦታ ነው።

በአያቷ ቤት የሚያልፉት ወራት

ጥር ላይ ከመጣሽ የትምህርቱ ዓመት ገና ግማሽ ላይ ነው። ሰኔ ድረስ አታንሻት። ቤትም፣ እናትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ጓደኛም በአንድ ሳምንት የተለወጠባት ልጅ የምትይዘው አንድ ነገር አይኖራትም። ሱቁን ለመጀመር አሰላ መመላለስ ካለብሽ በቀን ተመላለሺ፣ ማታ ግን ሳጉሬ ግቢ።

በእነዚህ ወራት የምትሠሪው ነገር የእናትሽን ሥራ አንድ በአንድ መረከብ ነው፤ ቅደም ተከተሉም አለው። ከሩቁ ጀምሪ፦ ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ። ጎን ለጎን መሄድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ይቀላል፤ ልጅ መንገድ ላይ ሳትጠየቅ ታወራለች። እሱ ከተለመደ በኋላ ደብተር ማየት፣ ከዚያ ቁርሷን መሥራት። ጩኮው ወይም ቅንጬው እናትሽ በሚሠሩት ዓይነት ይሁን፤ ዱባይ የተማርሽውን ምግብ ለኋላ አቆዪው። ቀጥሎ ፀጉሯን መሥራት፤ ለዚህ ጭንቅላቷን ጉልበትሽ ላይ ማሳረፍ አለባት፣ ስለዚህ እሺ ስትልሽ ብቻ ነው። ገላ ማጠብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መኝታና ሕመም መጨረሻ ላይ ናቸው። ታማ «እማዬ» ብላ አያቷን ብትጠራ ወደ ኋላ በይ፤ ውኃውን አንቺ አምጪ፣ እሳቸው ያጠጧት። አንዱን ደረጃ ስትከለክልሽ ወደ ፊተኛው ተመለሺና ለሁለት ሳምንት እዚያው ቆዪ።

ምን ብላ እንደምትጠራሽ አትከራከሪ። በስምሽም ትጥራሽ፣ «እቴቴ»ም ትበልሽ። አያቷን «እማዬ» ወይም «አዮ» ማለቷን እንድትተው ማስገደድ ግን የምትወዳቸውን ሰው ካጂ ማለት ነው። ሁለት እናት መጥራት ለልጅ አይከብዳትም፤ የሚከብደን እኛን ነው።

አሁን አብዛኛው ቤት ወደሚበላሽበት ነገር ልምጣ፤ እሱም ቅጣት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣፋጭነት ሲያልቅ «የአያት ልጅ» እንደሆነች ታያለሽ። ሥራ ስትታዘዝ ታጉረመርማለች፤ እናትሽ ይደብቁላታል፤ አንቺ በአሠሪ ቤት በደቂቃ ተቆጥሮ በሚሠራ ሥራ ስድስት ዓመት የኖርሽ ነሽና ያበሳጭሻል። ትቆጫለሽ፣ ምናልባትም እጅሽ ይሰነዘራል። እሷ ወደ አያቷ ትሮጣለች። እናትሽ «የት ነበርሽና ነው?» ይላሉ። ይህች ቃል አንዴ ከወጣች ለመመለስ ዓመት ትፈጃለች።

ስለዚህ ቢያንስ እስከ ሰኔ ድረስ «አይሆንም» የሚሉት እናትሽ ይሁኑ። ያልወደድሽው ነገር ካለ ልጅቷ ስትተኛ ለእሳቸው ንገሪያቸው፣ ቃሉ በእሳቸው አፍ ይውጣ። በልጅቷ ፊት «አበላሽተሻታል» አትበያቸው። ቁጣዋ ላንቺ ሲሆንም ስሚው። «ለምን ትተሽኝ ሄድሽ?» ብላ ከጠየቀች «ላንቺ ብዬ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ዕዳውን በእሷ ትከሻ ላይ ይጥላል። «ገንዘብ አልነበረንም፤ የሄድኩት እኔ ወስኜ ነው፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ብትናደጂብኝ አልፈርድብሽም» በያት። ብዙ ልጆች የተተዉት ባጠፉት ነገር ይመስላቸዋል፣ ይህንንም ለማንም አይናገሩም።

ነገሩ እየሄደ መሆኑን እንዴት ታውቂያለሽ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያነባል። የምትሟገት፣ የምታኮርፍ፣ ሸሽታ ዞራ የምታይ ልጅ እየቀረበች ነው። የምታሳስበው ዝም ብላ የምትታዘዘው ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ በሆስፒታል ከእናቷ ለ8 ቀን የተለየች የሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሕፃን በፊልም ቀርጾ ነበር። እሱና ጆን ቦውልቢ የተባለው ሐኪም ከእንዲህ ያሉ ልጆች ያዩት፣ ልጅ መጀመሪያ አጥብቃ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጣ ትደክማለች፣ በመጨረሻም ዝም ብላ የተስማማች ትመስላለች። አስታማሚዎቹ «ለመደች» የሚሉት ይህን የመጨረሻውን ነበር፤ እናቷ ስትመጣ ግን ፊቷን ታዞራለች። ልጅሽ ከ8 ቀን ይልቅ 6 ዓመት ተለይታሻለች፤ የሚያጽናናው ግን እንደዚያች ሕፃን ብቻዋን አልነበረችም፣ አያቷ ነበሩ። ስለዚህ ቀዝቃዛ ፊቷ ጥላቻ አይደለም።

እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረች፣ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ካመማት፣ ምግብ መደበቅ ከጀመረች ወይም መምህሯ «ዝም አለች» ካሉሽ ፍጥነቱን ቀንሺ፣ አንድ ደረጃ ተመለሺ። ወር ከሁለት ወር በኋላም ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ወስደሽ ነገሩን በዝርዝር ንገሪያቸውና ወደ አሰላ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉላት ጠይቂ። ሆድ ሕመም ብቻ ብለሽ ከተናገርሽ የሆድ መድኃኒት ብቻ ይዘሽ ትመለሻለሽ።

አንቺ ራስሽ የምትሆኚውንም ተመልከቺ። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ያላቸው የለበሱት ልብስ ብቻ ነበር። እንደ እነሱ በድንገት፣ ደሞዝሽን ተከልክለሽ ወይም ተደብድበሽ የመጣሽ ከሆነ፣ ሌሊት የሚያባንንሽ ነገር ካለ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይቆይ። መጀመሪያ አንቺ ታከሚ፣ ተኚ፣ ብዪ። ልጅቷ ባለችበት ቤት ደኅና ናት፤ ይህ ጊዜ ይሰጥሻል።

ወደ አሰላ መውጣት

ግንቦት ላይ ቅዳሜና እሁድን ሞክሪ። የመጀመሪያውን ጊዜ አያቷም አብረው ይምጡና አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ቤቱን የሚባርኩት እሳቸው መሆናቸውን ልጅቷ ትይ። ቀጥሎ ለአንድ ሌሊት ብቻዋን፣ ከዚያ ለሁለት። ስትመጣ የምትይዘውን እሷ ትምረጥ፤ የአያቷን ጋቢ ይዛ ብትመጣ አትጠቢው፣ ሽታው ነው የሚያስተኛት። የምትመለስበትን ቀን አስቀድመሽ ንገሪያትና ደስ ብሏት «ልቆይ» ብትል እንኳ በተባለው ቀን መልሻት። ወደ አያቷ የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን ካመነች ነው ያለ ፍርሃት የምትወጣው።

ሙሉ በሙሉ የምትገባው ሐምሌ ላይ ይሁን። ክረምቱ ሁለት ወር ስለሚሰጣችሁ መስከረም ላይ አዲሱ ትምህርት ቤት ብቻ ነው አዲስ የሚሆንባት። እናትሽ ቤት በኦሮምኛ ስትማር ከነበረ አሰላም በዚያው ቋንቋ ትቀጥል፤ በአንድ ዓመት ላይ ሌላ ለውጥ አትጨምሪባት።

ወረቀቶቹን ሳትነሺ ሰብስቢ። ከትምህርት ቤቷ መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት። የልደት ምዝገባ በቀበሌ የተጀመረው በ2008 ክረምት ስለሆነ ያኔ ወይም ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ወረቀት የላቸውም፤ አያት ማስመዝገብ ሳይችሉ ቀርተው ይሆናልና አሁን አንቺ አስመዝግቢ። የማኅበረሰብ ጤና መድንም የሚሰጠው በቤተሰብ ነው። ልጅቷ በአያቷ ደብተር ላይ ተመዝግባ ከሆነ አንቺ አሰላ የራስሽን እስክታወጪ ድረስ ስሟን እንዳታስሰርዢ።

ልጅቷ ያለችው በአባቷ እናት ቤት ከሆነ፣ አንቺና አባቷም ከተለያያችሁ፣ ነገሩ ይከብዳል። ሄደሽ ነጥቀሽ አትውጪ። በአርሲ እንዲህ ላለው ነገር መጀመሪያ የአገር ሽማግሌ ይቀመጣል። ጠብ ከተነሳ ደግሞ ሲንቄ የሚይዙት እናቶች አሉ፤ እነሱ በመሀል ሲቆሙ ጠብ ይቆማል። ካልሆነ የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት ፍርድ ቤት ቀድሞ የሚያየው የሕፃኗን ጥቅም ስለሆነ፣ እዚያ የሚረዳሽ በየወሩ የላክሽበት ደረሰኝና በየሳምንቱ የደወልሽበት ታሪክ ነው። አስቀምጪው።

እናትሽ

ልጅቷ ስትሄድ እናትሽ የሚያጡት ብዙ ነው። አብራቸው የምትተኛ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ዶሮ የምታስገባ፣ ስልክ የምትከፍትላቸው ልጅ ናት የሄደችው። ሐዘን ነው፣ ነገር ግን ለቅሶ የሚደርስለት የለም። «አረፍሽ» ይሏቸዋል እንጂ። ለዚህ የምትሰጫቸው ሦስት ነገር ነው። የገባሽላቸው የወር ብር፤ ልጅቷ የምትሄድበት የማይለወጥ ቀን፣ ለምሳሌ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፤ በእሷ ጉዳይ የመጠየቅ መብት። ስለ ትምህርት ቤቷ ስትወስኚ ደውለሽ አማክሪያቸው። መልሳቸውን ባትከተዪ እንኳ ልጅቷ ስልኩን ትስማ።

እናቴ፣ ለእርስዎም አንድ ቃል አለኝ። ልጅቷ አሰላ ሆና ስትደውልልዎ ብታለቅስ «ነይ» አይበሏት። «ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ» ይበሏት። እርስዎ ካልፈቀዱላት ሌላ ሰው መውደድ አትችልም፤ ፈቃዱ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ግን ትሄዳለች።

ተመልሰሽ የምትሄጂ ከሆነ

ብዙዎች ይመለሳሉ። ሱቁ አልሠራ ይላል፣ ብሩ ያልቃል፣ ኤጀንሲው ይደውላል። ስለዚህ ልጅቷን ከማንሳትሽ በፊት ራስሽን በሐቅ ጠይቂ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና የመሄድ ሐሳብ ካለሽ ከአያቷ ቤት አታንሻት። እዚያው ሆነሽ ውደጃት፣ እዚያው ሆነሽ ተዋወቂያት። ነቅለሽ ወስደሽ ከስድስት ወር በኋላ የምትመልሻት ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጪ አታምንሽም፤ የአያቷንም ቤት እንደበፊቱ አታምነውም።

መሄድሽ ከተቆረጠ ደግሞ ቀኑን ራስሽ ንገሪያት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ተኝታ ሳለ ሌሊት መውጣት ወይም «ገበያ ደርሼ እመጣለሁ» ማለት ለቅሶዋን ካንቺ ይደብቅልሻል እንጂ አያስቀርላትም። በቀን ብርሃን፣ አያቷ እጇን ይዘው፣ ደጅ ድረስ ትሸኝሽ። ታልቅስ። የምትደውዪበትን ቀንና ሰዓት በደብተሯ ላይ በእጇ ታስፍረው። የልደት ወረቀቷንና የክትባት ካርዷን ለእናትሽ ስጫቸው። ከመሄድሽ በፊት በልጅቷ ትምህርትና ሕክምና ጉዳይ እንዲወስኑ ውክልና አድርጊላቸው፤ ሳታደርጊ ከሄድሽ በኤምባሲው በኩል መላክ ይቻላል፣ ግን ወረቀቱ እዚህ እስኪረጋገጥ ድረስ ጊዜ ይወስዳልና አገር ውስጥ ሳለሽ ጨርሺው።